በሰኔ 30 ምሽት ዳቦ ቤቱ አተረፈ ወይስ ከሰረ?

አንድ ዳቦ ቤት እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ መጋቢት 1 ቀን 2016 ሥራ የጀመረ ነው። ሂሳቡን የሚዘጋው እንደ መንግሥት በጀት ዓመትና እንደ ብዙ ድርጅቶች ሰኔ 30 ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ሂሳቡ የአራት ወር ብቻ ነው። ዳቦ ቤቱ ለምሳሌ የተፈጠረ ነው፤ ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲመቹ ሆነው ተመርጠዋል። ነገሩ ግን በየዓመቱ ሐምሌ በገባ ቁጥር በብዙ ቢሮ የሚደገም ነው።

ሰኔ 30 ማታ፣ ሂሳብ ሠራተኛዋ ቫውቸሮቹን አገላብጣ ስትጨርስ ባለቤቱን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ እስካሁን በተመዘገበው መሠረት 80,000 ብር ኪሳራ ያሳያል።»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ጠዋት ጠዋት ሰልፉ መንገድ እየዘጋ እኔ እከስራለሁ?»

«ገና አልዘጋሁትም እኮ። ማስተካከያው ይቀራል።»

ባለቤቱ ዝም አሉ። «ማስተካከያ» የሚለው ቃል ደስ አላላቸውም። ሂሳብ «ተስተካከለ» ሲባል አንድ ሰው ቁጥሩን እንደፈለገ የጠመዘዘው ይመስላል። ጥርጣሬያቸው አይፈረድበትም፤ ቃሉ መጥፎ ጎረቤቶች አሉት። በሂሳብ ሙያ ግን የማስተካከያ ምዝገባ ማለት አንድ የተወሰነ ሥራ ነው፦ እያንዳንዱን ወጪ ገንዘቡ ከወጣበት ወር አንስቶ፣ ጥቅሙ ወደተገኘበት ወር መመለስ።

ገንዘቡ የወጣበት ቀንና ወጪው የደረሰበት ቀን

በመጀመሪያ የልጅቷ መዝገብ ምን እንደሚል እንይ። በአራቱ ወር 2,400,000 ብር ዳቦ ተሸጧል። ለዱቄት፣ ለእርሾና ለዘይት የዋለው፣ መጋዘን የቀረው ተቆጥሮ ከተቀነሰ በኋላ፣ 1,500,000 ብር ነው። ለቤት ኪራይ 360,000፣ ለደመወዝና ለጡረታ መዋጮ 333,000፣ ለመብራት 120,000፣ ለእሳት አደጋ ኢንሹራንስ 36,500 ብር ተከፍሏል። መጓጓዣው፣ ጥገናው፣ ውሃውና የምድጃው የእርጅና ድርሻ ተደምሮ 130,500 ብር ነው። የወጪው ድምር 2,480,000 ብር ሆነ፤ ከሽያጩ በ80,000 ብር በለጠ።

በዚህ መዝገብ ውስጥ አንድም የሐሰት ቁጥር የለም። እያንዳንዱ ብር በእርግጥ ተከፍሏል፤ ደረሰኝም አለው። ችግሩ ሌላ ነው። መዝገቡ የሚነግረን ገንዘብ መቼ ከእጅ እንደወጣ ነው። ባለቤቱ የጠየቁት ግን በእነዚህ አራት ወራት የተጋገረው ዳቦ ስንት ፈጀ የሚለውን ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ የሚኖራቸው፣ ሰው የሚከፍለው ሁሉ በዚያው ወር የሚያልቅ፣ የሚጠቀምበትንም ሁሉ በዚያው ወር የሚከፍል ቢሆን ነበር። ቤት አከራይ ግን አስቀድሞ ይቀበላል፤ የመብራት ሂሳብ ወሩ ካለፈ በኋላ ይመጣል።

ትርፍ በገንዘብ መውጣትና መግባት ሳይሆን ጥቅሙ በተገኘበት ጊዜ ይለካ የሚለው የአንድ ሂሳብ ሠራተኛ ምርጫ አይደለም። በአገራችን የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ፣ አዋጁ የሚመለከታቸው ድርጅቶች ሪፖርታቸውን የሚያዘጋጁት በዓለም አቀፍ ደረጃዎች ነው። ደረጃዎቹም የሚቆሙት በዚሁ መርህ ላይ ነው።

አስቀድሞ የተከፈለው

ባለቤቱ ሱቁን ሲከራዩ አከራዩ የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ጠየቃቸው፤ በወር 30,000፣ በዓመት 360,000 ብር። መጋቢት 1 ቀን በባንክ አስተላለፉ። ልጅቷም በዚያው ቀን ሙሉውን «የኪራይ ወጪ» ብላ መዘገበችው። ሰኔ 30 ላይ ግን ከውሉ ያለቀው መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ ብቻ ነው። አራት ወር በ30,000 ሲባዛ 120,000 ብር ይሆናል። የቀረው 240,000 ብር ገና አልተበላም። ዳቦ ቤቱ ከሐምሌ እስከ የካቲት ያለውን ስምንት ወር ያለ ኪራይ የመቀመጥ መብት በእጁ አለ።

ይህ መብት እንደ መጋዘን ዱቄት ሀብት ነው። በሰኔ 30 መጋዘን ውስጥ የቀረውን ዱቄት «አልቋል» ብሎ የሚመዘግብ የለም፤ የቀረውም ኪራይ እንዲሁ ነው። ስለዚህ የማስተካከያው ምዝገባ ይህን ይመስላል፦

ዴቢት፦ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ (ሀብት) 240,000
ክሬዲት፦ የኪራይ ወጪ 240,000

የኪራይ ወጪው ከ360,000 ወደ 120,000 ወረደ፤ ትርፉ በዚያው ልክ በ240,000 ወጣ። ባንክ ያለው ገንዘብ ግን በአንድ ሳንቲም እንኳ አልተነካም። ይህ ለማንኛውም ማስተካከያ የሚሠራ መለያ ነው፦ በማስተካከያ ምዝገባ ውስጥ ካዝና ወይም ባንክ ከታየ፣ አንድ ነገር ተሳስቷል። የተከፈለና የተቀበለ ገንዘብ በዕለቱ ይመዘገባል፤ ማስተካከያ የሚነካው ወጪን፣ ሀብትንና ዕዳን ነው።

ኢንሹራንሱም ያው ነው፤ ቆጠራው ብቻ ይለያል። ፖሊሲው የተገዛው ግንቦት 1 ቀን ለ365 ቀን በ36,500 ብር ነው፤ በቀን 100 ብር ማለት ነው። ከግንቦት 1 እስከ ሰኔ 30 ልክ 60 ቀን አለ። 6,000 ብሩ የዚህ ዘመን ወጪ ሲሆን፣ 30,500 ብሩ ቅድሚያ የተከፈለ ኢንሹራንስ ሆኖ ወደ ሐምሌ ይሻገራል። እዚህ ላይ በእኛ አቆጣጠር የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ልብ ይላል። ኪራይ በወር ስለሚታሰብ ጳጉሜን ማንም አይቆጥራትም። ኢንሹራንስና የባንክ ወለድ ግን በቀን ስለሚሄዱ የጳጉሜ አምስት ወይም ስድስት ቀን ሂሳቡ ውስጥ ትገባለች። ዓመቱን በ12 ወር ብቻ አካፍሎ የሚሠራ ሰው፣ መጨረሻ ላይ ለምን ጥቂት ብር እንደተረፈው ሳያውቅ ሲፈልግ ይውላል።

ሁሉም አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ግን ቅድመ ክፍያ አይደለም። አከራዩ ከኪራዩ ሌላ መያዣ ተቀብሎ ቢሆንና ውሉ ሲያልቅ የሚመልሰው ቢሆን፣ ያ ከጊዜ ጋር የሚያልቅ ነገር አይደለም። የሚሰበሰብ ገንዘብ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ በየወሩ ወደ ወጪ አይቆረስም።

ባለቤቱ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ትርፍ ነው!» አሉ። ልጅቷም ደመረች፦ ከ80,000 ኪሳራ ተነስቶ፣ ኪራዩ 240,000፣ ኢንሹራንሱ 30,500 ሲመለስ፣ ትርፉ 190,500 ብር ሆነ።

«ገና ነው ጋሼ» አለች። «እስካሁን የሚያስደስተውን ግማሽ ነው ያየነው።»

ያልተከፈለው፣ ግን የተበላው

ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው ይልቅ ተንኮለኛ ነው። ቅድመ ክፍያ መዝገብ ውስጥ ስላለ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። ያልተከፈለ ወጪ ግን ቫውቸር የለውም፤ ደረሰኝም የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤ እንኳ አልመጣም። ስለዚህ ማንም ካላሰበው በስተቀር ራሱ አይመጣም። በሂሳብ ቋንቋ የተጠራቀመ ወጪ ይባላል።

በዳቦ ቤቱ ሦስት አሉ። የመጀመሪያው ደመወዝ ነው። ሠራተኞቹ የሚከፈላቸው ወሩ ካለቀ በኋላ በአምስተኛው ቀን ነው፤ የሰኔ ደመወዝ ሐምሌ 5 ይከፈላል። መዝገቡ ላይ ያለው 333,000 ብር የሦስት ወር ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ግን ሰኔንም ሌሊት እየተነሱ አቡክተው ጋግረዋል፤ ዳቦው ተሸጦ ሽያጩ ተመዝግቧል። የሰኔ ደመወዝ 100,000 ብር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ይሳሳታል፤ አሠሪው ከራሱ የሚጨምረው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ አብሮ መታሰብ አለበት። ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ 100,000ው ውስጥ አለ፤ የአሠሪው ድርሻ ግን ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ያልተከፈለው 111,000 ብር ነው።

ሁለተኛው መብራት ነው። የሰኔ ሂሳብ የሚመጣው ሐምሌ ገፍቶ ነው። ልጅቷ ሂሳቡ እስኪመጣ አልጠበቀችም። ሰኔ 30 ማታ ጥበቃውን ልካ ቆጣሪውን አስነበበች፤ ካለፈው ንባብ ቀንሳ በታሪፉ አባዛች። 42,000 ብር ወጣ። ግምት ነው፤ ግን ከቆጣሪ የተነሳ ግምት ነው። ዳቦ ቤቱ ካርድ የሚሞላ ቆጣሪ ቢኖረው ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ ሰኔ 30 ላይ ካርዱ ውስጥ የቀረው ብር ቅድመ ክፍያ ይሆን ነበር። ያው መብራት፣ ያው ምድጃ፤ የክፍያው ውል ሲለወጥ ማስተካከያውም አቅጣጫ ይለውጣል።

ሦስተኛው የባንክ ወለድ ነው። ባለቤቱ ምድጃና ማቡኪያ ለመግዛት ግንቦት 1 ቀን 730,000 ብር በ15 በመቶ ተበድረዋል። የዓመት ወለዱ 109,500፣ ለ365 ሲካፈል በቀን 300 ብር ነው። በውሉ መሠረት የመጀመሪያው የወለድ ክፍያ ከሦስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 30 ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ስለ ወለድ አንዲት ቃል የለም። ባለቤቱም «ገና አልደረሰም» ይላሉ። አልደረሰም የሚሉት የመክፈያውን ቀን ነው፤ ወለዱ ግን ዳቦ ቤቱ ተዘግቶ በሚያድርበት ሰዓት እንኳ ሲቆጥር ነበር። 60 ቀን በ300 ሲባዛ 18,000 ብር ይሆናል።

የሦስቱ ድምር 171,000 ብር ነው። ምዝገባው ለእያንዳንዱ ለየብቻ ቢሆንም ቅርጹ አንድ ነው፦

ዴቢት፦ የደመወዝ፣ የመብራትና የወለድ ወጪ 171,000
ክሬዲት፦ ያልተከፈሉ ወጪዎች (ዕዳ) 171,000

እዚህም ልኩን የማያልፍ መስመር አለ። ባለቤቱ ምድጃውን ሐምሌ ላይ ሊያስጠግኑት አስበዋል፤ ዋጋም ጠይቀዋል። ይህ በሰኔ ሂሳብ ውስጥ አይገባም፤ ጠጋኙ ገና ምንም አልሠራም። የተጠራቀመ ወጪ ለመሆን አገልግሎቱ ወይም ዕቃው መቀበል አለበት። ሐሳብ፣ ዕቅድ፣ ተፈርሞም ቢሆን ያልተፈጸመ ውል፣ ዕዳ አይደለም።

አንድ ካዝና፣ ሦስት መልስ

አሁን ሁሉንም እንደምር። በወጣ ብር ብቻ ሲታይ ዳቦ ቤቱ 80,000 ብር ከስሯል። ቅድመ ክፍያው ብቻ ሲስተካከል 190,500 ብር አትርፏል። ያልተከፈለውም ሲገባ፣ ከ190,500 ላይ 171,000 ተቀንሶ፣ 19,500 ብር አትርፏል። በሦስቱም መልስ ባንክ ያለው ገንዘብ አንድ ነው።

መካከለኛው መልስ ከመጀመሪያው የባሰ አደገኛ ነው። ግማሽ ማስተካከያ ሥራ የተሠራ ያስመስላል። ባለቤቱ 190,500 አተረፍኩ ብለው ቢወስኑ፣ ትርፉን ሊካፈሉት ይችላሉ፤ ለ111,000 ደመወዝ ሐምሌ 5 ሲደርስ ከየት ሊያመጡ ነው? ግብሩም የሚነሳው ከዚሁ ቁጥር ነው። ድርጅቱ የግል ማህበር ስለሆነ ግብሩ 30 በመቶ ነው፤ በ190,500 ላይ 57,150 ብር፣ በ19,500 ላይ ደግሞ 5,850 ብር ይመጣል። ግማሹን ብቻ ያስተካከለ ሰው ያላተረፈውን እንዳተረፈ አድርጎ ከ51,000 ብር በላይ ያለ ጊዜው ይከፍላል።

ስህተቱ ሁልጊዜ ሳይታወቅ የሚመጣም አይደለም። ግብር ማሳነስ የፈለገ ሰው ደጋፊ ሰነድ የሌለው «ያልተከፈለ ወጪ» ይጨምራል። ብድር የሚፈልግ ሰው ደግሞ እውነተኛውን ዕዳ ይተዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማስተካከያ የስሌት ወረቀቱ አብሮት ይቀመጣል፦ የኪራይ ውሉ፣ የቆጣሪው ንባብ፣ የብድር ውሉና የቀን ቆጠራው። ማስተካከያን ከመጠምዘዝ የሚለየው ይህ ወረቀት ነው።

ሐምሌ ላይ የተቀመጠው ወጥመድ

ማስተካከያ ትርፍ አይፈጥርም፤ አያጠፋምም። ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ያዛውረዋል። ከ360,000 ብር ኪራይ 120,000 በዚህ ዓመት፣ 240,000 በሚመጣው ዓመት ወጪ ይሆናል፤ ድምሩ ያው ነው። ይህ እንዲሆን ግን ሐምሌ ላይ የሚቀጥለው ሰው ሰኔ ላይ የተሠራውን ማስታወስ አለበት። ብዙ ጊዜ ሂሳብ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ሐምሌ 5 ልጅቷ እረፍት ላይ ነበረች እንበል። የተካት ሰው 111,000 ብር ደመወዝና መዋጮ ከፍሎ፣ እንደ ልማዱ «የደመወዝ ወጪ» ብሎ መዘገበ። የሰኔ ደመወዝ አንዴ በሰኔ፣ አንዴ በሐምሌ ወጪ ሆነ። በዕዳው መዝገብም 111,000 ብር የማንም ያልሆነ ዕዳ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ተቀመጠ። ትክክለኛው ምዝገባ ወጪን አይነካም፤ ዕዳውን ዴቢት፣ ባንኩን ክሬዲት ያደርጋል። አንዳንዶች ይህን ስህተት ለማስቀረት ሐምሌ 1 ቀን የሰኔውን ምዝገባ ገልብጠው ይመዘግቡታል። ያኔ ከፋዩ ሰው ምንም ሳያስታውስ እንደ ልማዱ ቢመዘግብም ሁለቱ ተጣፍተው ልኩ ይወጣል።

የመብራቱ ሂሳብ ሲመጣ 43,500 ብር ሆኖ ተገኘ። 42,000ው ዕዳውን ይዘጋል፤ የጎደለው 1,500 ብር የአዲሱ ዓመት ወጪ ይሆናል። ያለፈው ሂሳብ ለዚህ ተብሎ አይከፈትም። ግምት በመጠኑ ሲስት ወደፊት ይታረማል። ሐምሌ 30 ባንኩ የ90 ቀን ወለድ 27,000 ብር ሲወስድ፣ 18,000ው የሰኔን ዕዳ ይዘጋል፣ 9,000ው ብቻ የሐምሌ ወጪ ነው። ኪራዩም በየወሩ 30,000 ከቅድመ ክፍያው ወደ ወጪ እየተቆረሰ የካቲት ላይ ዜሮ ይሆናል። የካቲት አልፎ «ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ» ላይ ከዚሁ ውል ብር ከቀረ፣ አንድ ወር ተረስቷል ማለት ነው።

ወሮቹን ቁጠሩ

የሂሳብ ባለሙያ ያልሆነ ባለቤት ይህን ሁሉ ምዝገባ መፈተሽ አይጠበቅበትም። አንድ ጥያቄ ግን ሊጠይቅ ይችላል፤ እያንዳንዱ ወጪ ውስጥ ስንት ወር አለ?

በዚህ ዳቦ ቤት መልሱ አራት መሆን አለበት። ኪራይ 120,000 ለ30,000 ሲካፈል አራት። ደመወዝ 444,000 ለ111,000 ሲካፈል አራት። መብራት አራት ንባብ። ከማስተካከያው በፊት በነበረው መዝገብ ግን ኪራዩ ውስጥ 12 ወር፣ ደመወዙና መብራቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ወር፣ ወለዱ ውስጥ ምንም ወር አልነበረም። ያንን ሁሉ ደምሮ ኪሳራ ማለት፣ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ዘመናት በአንድ ገመድ እንደመለካት ነው። የሚመጣው ሰኔ ላይ ቁጥሩ 12 መሆን አለበት። ከኪራዩ ስምንቱ ወር አስቀድሞ ከተከፈለው፣ አራቱ ከአዲሱ ውል ይመጣል፤ አከራዩ ዋጋ ከጨመረ አራቱ በአዲሱ ዋጋ ይታሰባል።

ኦዲተሮችም ከሌላ አቅጣጫ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። የሰኔን ሂሳብ ሲመረምሩ የሐምሌንና የነሐሴን የክፍያ ቫውቸሮች ያወጣሉ። እያንዳንዱን ይዘው «ይህ የተከፈለው ለየትኛው ወር አገልግሎት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ለሰኔ ከሆነና በሰኔ ሂሳብ ውስጥ ከሌለ፣ የተደበቀው ወይም የተረሳው ዕዳ ተገኘ።

ባለቤቱ በዚያ ምሽት 80,000 የሚለውን ሲሰሙ አንድ ሠራተኛ ለመቀነስ አስበው ነበር። 190,500 ሲሉ ደግሞ ሁለተኛ ቅርንጫፍ በሐሳባቸው ሄደ። አሁን ፊታቸው ያለው 19,500 ነው፤ ለአራት ተካፍሎ በወር 4,875 ብር።

«ከመቶ ብር ሽያጭ አንድ ብር እንኳ አይሞላም እኮ» አሉ።

«አይሞላም ጋሼ።»

«እንግዲህ ሰልፉ ውሸት አይደለም፤ ዋጋው ነው የማያዋጣ» አሉና፣ የአንዱን ዳቦ ወጪ እንድትሠራላቸው ጠየቋት።